መብራት ሲደክም ኢንኩቤተሬ ላይ ያስቀመጥኩት ዲግሪ ይቀየራል፣ ጭራሽ ሲጠፋ ግን ምንም አይሆንም

ጫጩት_ቢሾፍቱ
ሰላም ለሁላችሁ። የእንቁላል መፈልፈያ ራሴ ሠርቼ እየተጠቀምኩ ነው፣ ኮንትሮለሩ ባዶ አትሜጋ 328ፒ ቺፕ ነው፣ ቡትሎደር የለውም፣ 16 ሜጋኸርዝ ክሪስታል አለው፣ በዩኤስቢኤኤስፒ ነው ፕሮግራም የማደርገው። 37.5 ዲግሪ ኢኢፕሮም ላይ 375 ተብሎ ይቀመጣል። ፓወሩ ከ220 ወደ 9 ቮልት ትራንስፎርመር፣ ከዛ ብሪጅ፣ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ከዛ 7805 ነው። ሪሌዩ፣ ስክሪኑ፣ ሴንሰሩ ሁሉም ከዛው 5 ቮልት ነው የሚጠጡት።

ችግሩ እንዲህ ነው። መብራት ጭራሽ ሄዶ ሲመጣ ምንም አይሆንም፣ ካቆመበት ይቀጥላል። ግን ማታ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ መብራቱ ይደክማል አይደል፣ አምፖሉ ቀይ ይሆናል፣ ያኔ ነው የሚበላሸው። ባለፈው 60 እንቁላል አስገብቼ በ9ኛው ቀን ጠዋት ስከፍተው ስክሪኑ ላይ ሴት የተደረገው 51.1 ይላል፣ ውስጡ 46 ደርሷል። ሁሉም አለቀ። ከዛ ወዲህ ደግሞ ሁለቴ ሆኗል፣ ሁለቴም 51.1! ለምን ሌላ ቁጥር አይሆንም? ሴንሰሩም አንዳንዴ ለቅጽበት 85 ብሎ ይመለሳል። ቺፑ ተበላሽቶ ይሆን? ሌላ ልግዛ?

አቤል_ሶላር
ወንድሜ አትድከም፣ ስታብላይዘር ግዛና ሰካ። እኛ ቤት ፍሪጁም ቲቪውም በሱ ነው፣ ሦስት ዓመት ሆነን ምንም አላጋጠመንም። ከቻልክ ደግሞ ባትሪና ኢንቨርተር አድርግበት፣ ለእንቁላል ከሆነ ያዋጣሃል።

ናቲ_ኮድ
ቺፑ አልተበላሸም። ፕሮግራምህ ሃንግ እያደረገ ነው፣ ዋችዶግ ክፈትለት። `wdt_enable(WDTO_2S)` ሴትአፕ ውስጥ፣ ሉፕ ውስጥ `wdt_reset()`፣ አለቀ። እኔ ሁሉም ፕሮጀክቴ ላይ አለ።

ሄለን_ፊርምዌር
ቺፑን አትቀይር። 51.1 ራሱ ነው ታሪኩን የሚነግርህ። 375 በሁለት ባይት ሲጻፍ ታችኛው 0x77፣ ላይኛው 0x01 ነው። 511 ደግሞ 0xFF እና 0x01። ላይኛው ባይት እንዳለ ነው፣ ታችኛው ብቻ 0xFF ሆኗል። ኢኢፕሮም አንድ ባይት ሲጻፍ መጀመሪያ ይጠፋል፣ ሲጠፋ 0xFF ይሆናል፣ ከዛ ነው አዲሱ ቁጥር የሚገባው፣ ሁለቱ አንድ ላይ 3.4 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይፈጃል። ያንተ ባይት ጠፍቶ ሳይጻፍ ቀርቷል ማለት ነው። ሦስቴም አንድ ዓይነት የሆነው ለዚህ ነው፣ ሁሌ መጀመሪያ የሚጻፈው ባይት ላይ ነው የሚሰናከለው።

አሁን ጥያቄዬ፣ ለምንድነው መብራት ሲደክም ኢኢፕሮም ላይ የምትጽፈው? ዲግሪ የሚቀየረው በተን ስትጫን ብቻ መሆን ነበረበት። ኮዱን ለጥፍልኝ፣ ይቺንም አስነብብና ምን እንደሚል ንገረኝ፦

```
avrdude -c usbasp -p m328p -U efuse:r:-:h
```

ጫጩት_ቢሾፍቱ
ሄለን አመሰግናለሁ፣ 0xFF ነው የሚለው። ፊውዙን ክሪስታል እንዲጠቀም ስቀይር lfuse ብቻ ነበር የነካሁት፣ ይቺኛዋን ምን እንደሆነች ስለማላውቅ ተውኳት። ኮዱ ረጅም ነው ኢኢፕሮም የሚነካው ክፍል ይኸው፦

```
void saveAll() {
  EEPROM.write(0, setTemp & 0xFF);
  EEPROM.write(1, setTemp >> 8);
  EEPROM.write(2, boot);
}
void setup() {
  setTemp = EEPROM.read(0) | (EEPROM.read(1) << 8);
  boot = EEPROM.read(2) + 1;
  saveAll();
```

`boot` ስንቴ እንደተነሳ ለማወቅ ነው፣ መብራት ስንቴ እንደጠፋ መቁጠር ፈልጌ ነበር። አሁን 214 ይላል። ግን እውነት ለመናገር መብራት በዚህ ወር 10 ጊዜ ቢጠፋ ነው፣ ይሄም ገርሞኝ ነበር።

ሄለን_ፊርምዌር
አሁን ገባኝ። ተረጋግተህ አንብበው፣ ትንሽ ይረዝማል።

0xFF ማለት ብራውንአውት ዲቴክተሩ፣ ቮልቴጁ ከወሰን በታች ሲወርድ ቺፑን ሪሴት አድርጎ የሚይዘው ጠባቂ፣ ጠፍቷል ማለት ነው። ባዶ ቺፕ ከፋብሪካ ሲወጣ እንደዛ ነው የሚመጣው፣ አርዱይኖ ኡኖ ላይ የተሰካው ግን 0xFD ተደርጎ ነው የሚመጣው፣ ለዛ ነው ብዙ ሰው ቦርድ ላይ ሠርቶለት ባዶ ቺፕ ላይ ሲያዞረው የሚከዳው።

አንተ ቺፕ ውስጥ አሁን ያለው መከላከያ ፓወር ኦን ሪሴት ብቻ ነው። እሱ ደግሞ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፣ ቮልቴጁ ከምንም ተነስቶ ከ1.1 እስከ 1.6 ባለው መሃል ሲያልፍ ቺፑን ከዜሮ ያስጀምራል። ከዛ በኋላ 5 የነበረው 3 ቢሆን፣ 2.5 ቢሆን፣ እሱ አያገባውም፣ እንደገና የሚነቃው መጀመሪያ ወደ አንድ ቮልት ገደማ ወርዶ ከተመለሰ ነው። ስለዚህ መብራት ጭራሽ ሲጠፋ ካፓሲተሩ ባዶ ይሆናል፣ ሲመጣ ፓወር ኦን ሪሴቱ በደንብ ይሠራል፣ አንተም ምንም አልሆነም ትላለህ። መብራት ሲደክም ግን ቮልቴጁ እዛ ድረስ አይወርድም፣ መሃል ላይ ይንሳፈፋል፣ ማንም ሪሴት አያደርገውም።

መሃል ላይ ሲሆን ምን ይፈጠራል? ትራንዚስተር ቮልቴጁ ሲቀንስ ይዘገያል፣ ክሪስታሉ ግን አይዘገይም፣ እሱ በሰከንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ መምታቱን ይቀጥላል። ከፍላሽ የተነበበው ትዕዛዝ በሽቦው መጥቶ ሳይደርስ ቀጣዩ ምት ይመጣል፣ ግማሹ ቢት አዲሱ ግማሹ አሮጌው ሆኖ ይያዛል። ይሄ ማለት አንተ ያልጻፍከው ትዕዛዝ ነው የሚፈጸመው። አንዱ ትዕዛዝ ከተሳሳተ ፕሮግራሙ የትም ሊዘል ይችላል። ይሄ ቺፕ በ20 ሜጋኸርዝ 4.5 ቮልት ይፈልጋል፣ በ10 ሜጋኸርዝ 2.7፣ መሃሉ ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ 16 ላይ ስታሰላው 3.78 ቮልት ይመጣል። ከዛ በታች ቺፑ ላይሞት ይችላል፣ ግን ትክክል እንደሚያስብ ማንም አይፈርምልህም።

አሁን 214ን ተመልከት። ፕሮግራሙ ሲስት ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ባዶው ፍላሽ ላይ ነው፣ ምክንያቱም አብዛኛው ቦታ ባዶ ነው፣ እዛ ምንም ሳይነካ ተንደርድሮ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ዞሮ አድራሻ ዜሮ ይገባል። አድራሻ ዜሮ ደግሞ ሴትአፕህ የሚጀምርበት ነው። ቺፑ ሪሴት ሳይሆን ሴትአፕ እንደገና ይሮጣል፣ ሴትአፕ ደግሞ `saveAll` ይጠራል፣ ያውም ቮልቴጁ ገና እንደወደቀ። እየደከመ ያለ ቺፕ ላይ በየማታው ኢኢፕሮም እያስጻፍከው ነው። እስካሁን ሦስቴ ብቻ መበላሸቱ ዕድለኛ ነህ።

ሴንሰሩ 85 የሚለው ደግሞ ዲኤስ18ቢ20 ገና ፓወር ሲያገኝ ይዞት የሚነሳው ቁጥር 85 ስለሆነ ነው። ሙቀቱን ለክቶ ሳይጨርስ ካላነበብከው በቀር፣ ሴንሰሩ ራሱ ሪሴት ሆኗል ማለት ነው፣ ያንተ ቺፕ ግን አልሆነም።

ናቲ_ኮድ
ጥሩ ነው ግን ይሄንን እኮ ዋችዶግ ይይዘዋል። ፕሮግራሙ ከሳተ `wdt_reset` አይጠራም፣ 2 ሰከንድ ውስጥ ሪሴት ይሆናል።

ሄለን_ፊርምዌር
ናቲ ሃንግ ላደረገ ፕሮግራም ልክ ነህ፣ ዋችዶግ መኖር አለበት፣ እኔም አደርጋለሁ። እዚህ ግን ፕሮግራሙ አልቆመም። ስቶ ዜሮ ገብቶ እንደገና ሴትአፕ፣ ከዛ ሉፕ ገብቷል፣ ሉፕ ውስጥ ደግሞ `wdt_reset` ይጠራል፣ ዋችዶጉ ሁሉም ሰላም ነው ብሎ ይቀመጣል። ቢይዘውም እንኳ የሚይዘው ከ2 ሰከንድ በኋላ ነው፣ ባይቱ የጠፋው በ3 ሚሊሰከንድ ውስጥ ነው። ሪሴት ካደረገው በኋላስ? ቮልቴጁ አሁንም ዝቅ እንዳለ ነው፣ እዛው የደከመ ቮልቴጅ ላይ ያስነሳዋል።

ናቲ_ኮድ
ሉፕ ውስጥ ስለሚገባው አላሰብኩም ነበር። እሺ። ግን ሶፍትዌር ላይ ምንም አይደረግም ማለት ነው?

ሄለን_ፊርምዌር
ይደረጋል፣ ከታች እመጣበታለሁ። ሶፍትዌሩ ግን ሁለተኛ ነው፣ ምክንያቱም ሶፍትዌሩን የሚያስኬደው ያው የሳተው ቺፕ ነው።

ሜሪ_ቨርጂኒያ
እኔም ልክ ይሄ ችግር ነበረብኝ! በር ላይ ያደረግኩት ኢኤስፒ32 ካሜራ በየደቂቃው `Brownout detector was triggered` እያለ ሪስታርት ያደርግ ነበር። ዩቲዩብ ላይ አይቼ ይቺን መስመር ሴትአፕ ውስጥ ጨመርኩ፣ መልእክቱ ጠፋ፦

```
WRITE_PERI_REG(RTC_CNTL_BROWN_OUT_REG, 0);
```

ጫጩት አንተም ሞክራት፣ ያንተ ቺፕ ላይ የምትሠራበት መንገድ ካለ።

ሄለን_ፊርምዌር
ሜሪዬ ያንቺ የሱ ተቃራኒ ነው። እሱ ጋ ጠባቂው ጠፍቶ ነው የተበላሸው፣ አንቺ ጠባቂው ሲጮህ አፉን ዘጋሽው። ቮልቴጁ መውደቁን አላቆመም፣ የሚነግርሽ ነው የቆመው። ያቺን መስመር ከጨመርሽ በኋላ ካሜራው ምስል ላይ መስመር መስመር እያወጣ ወይ እየደረቀ አይደለም?

ሜሪ_ቨርጂኒያ
አዎ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይደርቃል፣ ነቅዬ ነው የምሰካው። ዋይፋዩ መስሎኝ ነበር።

ሄለን_ፊርምዌር
ዋይፋዩ አለበት፣ ግን በሌላ በኩል። ሲልክ በቅጽበት እስከ ግማሽ አምፔር ሊስብ ይችላል፣ ረጅምና ቀጭን የዩኤስቢ ገመድ ከሆነ እዛ ላይ ቮልቴጁን ይበላዋል። ገመዱን አጭርና ወፍራም አድርጊ፣ ቦርዱ 5 ቮልት እግር ላይ 470 ማይክሮፋራድ በዪበት፣ ያቺን መስመር አውጪያትና እዪው። እንደገና ከጮኸ ቻርጀሩ ነው። ሪዛልቱን ንገሪኝ።

ጋሽ_ተ_8051
ልጆች ይህን ነገር እኛ በ89ሲ51 ስንሠራ 10 ኪሎ ኦምና 10 ማይክሮፋራድ ሪሴት እግር ላይ እናደርግ ነበር፣ የጊዜ ቋሚው 100 ሚሊሰከንድ ነው፣ ቺፑ ተረጋግቶ ይነሳል። ሬዚስተሩ ላይ ዳዮድ ወደ 5 ቮልት ካደረግህበት ደግሞ ቮልቴጁ ሲወርድ ካፓሲተሩ ቶሎ ይራገፋል። ለምን ፊውዝ ውስጥ ትገባላችሁ? ሁለት ሳንቲም የማይሞላ ዕቃ ነው።

ሄለን_ፊርምዌር
ጋሼ እኔም በአርሲ ነው የተማርኩት፣ መብራት ከዜሮ ሲመጣ ጥሩ ነው። የዚህ ልጅ ቮልቴጅ ግን ከ5 ወደ 3.7 ወረደ እንበል። በዳዮዱ ሲራገፍ ካፓሲተሩ ከአቅርቦቱ 0.6 ከፍ ብሎ ይቆማል፣ 4.3 ገደማ ማለት ነው። የቺፑ ሪሴት እግር ደግሞ ዝቅ ብያለሁ የሚለው ከራሱ አቅርቦት ጋር እያወዳደረ ነው። አቅርቦቱ 3.7፣ እግሩ 4.3፣ እግሩ ሁሌ ከአቅርቦቱ በላይ ነው። እና መቼ ነው ዜሮ የሚሆነው? አርሲ ጊዜን ይቆጥራል እንጂ ቮልቴጅን አይለካም። እርስዎ ምን ይላሉ?

ጋሽ_ተ_8051
ቆይ ወረቀት ላይ ላስላው። በእኛው ቺፕ ሪሴቱ ወደ ላይ ስለሆነ ካፓሲተሩ ከ5 ቮልት ነው የሚመጣው። ከ3.7 ወደ 5 ድንገት ቢመለስ ካፓሲተሩ የሚያሳልፈው የተጨመረውን 1.3 ቮልት ብቻ ነው፣ ሪሴት እግሩ ደግሞ እስከ 3.5 ካልደረሰ አይሰማም። ልክ ነሽ ልጄ፣ አይሠራም። ተማሪዎቼ የሠሩት የውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ለምን አንዳንዴ እንደሚደርቅ አሁን ገና ገባኝ፣ ሁሌ እየነቀሉ እንዲሰኩ ነበር የምነግራቸው። ለዚያ ቺፕ ፊውዝ ስለሌለው ውጭ ሱፐርቫይዘር ነው የሚያስፈልገው ማለት ነው።

ሄለን_ፊርምዌር
አዎ ጋሼ፣ ማክስ 809 ዓይነት ሦስት እግር ያላት ቁራጭ፣ ግን 89ሲ51 ሪሴቱ ወደ ላይ ስለሆነ 810ን ነው የሚፈልጉት። ቮልቴጁ ከወሰኑ በታች እስካለ ይዛ ትቆያለች፣ ከተመለሰ በኋላም ቢያንስ 140 ሚሊሰከንድ ትጨምራለች። 809ን ኤቪአር ላይ የምታደርጉ ደግሞ ተጠንቀቁ፣ እሷ እግሩን ወደ ላይም ወደ ታችም በኃይል ስለምትገፋ ፕሮግራመሩ ሪሴቱን ሲጎትት ይጣላሉ፣ መሃል ላይ አንድ ሁለት ኪሎ ኦም ጣል አድርጉ ወይ ወደ ታች ብቻ የምትጎትተውን 803ን ፈልጉ።

ጫጩት፣ አሁን ወዳንተ። ምጣድ ሰዓት ላይ ሁለት ቁጥር ለካልኝ፣ ሶኬቱ ላይ ስንት ቮልት አለ፣ 7805 መውጫው ላይ ስንት አለ። ሪሌዩ ሲበራ ለካው።

ጫጩት_ቢሾፍቱ
ዛሬ ማታ 1:30 ላይ ለካሁ። ሶኬቱ 142 ቮልት። 7805 መውጫ 4.3 ሪሌዩ በርቶ፣ ጠፍቶ 4.7 አካባቢ። 4.3 ከሆነ ከ3.78 በላይ ነው እኮ፣ መሥራት አልነበረበትም?

ሄለን_ፊርምዌር
ማልቲሜትሩ አማካዩን ነው የሚያሳይህ። አብረን እናስላው። 9 ቮልቱ በ142 ሲሆን 5.8 ይሆናል፣ ጫፉ 8.2፣ ብሪጁ 1.4 ይበላል፣ ካፓሲተሩ ላይ 6.8 ይቀራል። ሪሌይህ 70 ሚሊአምፔር ገደማ ይጠጣል፣ ስክሪኑና ቺፑ ተጨምሮ 105 እንበለው። በ50 ኸርዝ ካፓሲተሩ የሚሞላው በየ10 ሚሊሰከንዱ ነው፣ መሃል ላይ በ1000 ማይክሮፋራድ አንድ ቮልት ያህል ይወርዳል። ስለዚህ ከ6.8 ወደ 5.75 እየወረደ ይወጣል። 7805 ደግሞ ከመግቢያው 2 ቮልት ያህል ካላተረፈ 5 መስጠት አይችልም፣ መውጫው ከ4.8 ወደ 3.75 በሰከንድ መቶ ጊዜ ይወርዳል ይወጣል። አማካዩ 4.3፣ አንተ ያየኸው። ቺፑ ያየው ግን 3.75ን ነው፣ የሚፈልገው 3.78። ሪሌዩ ሲጠፋ ጉድጓዱ ጥልቀት ስለሌለው ይተርፋል። ማለትም የሚስተው በተለይ ሂተሩን ሲያበራ ነው።

ባዶውን ኢንኩቤተር አንድ ማታ ሳትነካው ሞክርልኝ፣ ፊውዙን ሳትቀይር። ሴትአፕ መጀመሪያ ላይ ይቺን አድርግ፣ `saveAll`ን ከሴትአፕ አውጣውና ሦስቱን ቆጣሪዎች ከዚህ ኮድ በፊት ከኢኢፕሮም ያንብባቸው፣ ከተነሳ 10 ሰከንድ በኋላ ብቻ፣ ዲግሪው ካለበት ራቅ አድርገህ ይጻፋቸው፦

```
uint8_t why = MCUSR;
MCUSR = 0;
if (why & _BV(PORF)) por++;
else if (why & _BV(BORF)) bor++;
else if (why == 0) lost++;
```

ቺፑ ለምን እንደተነሳ MCUSR ላይ ምልክት ይተዋል። ዜሮ ሆኖ ሴትአፕ ከገባ ግን ማንም ሪሴት አላደረገውም፣ ስቶ ነው የመጣው። ኦስሲሎስኮፕ ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

ጫጩት_ቢሾፍቱ
ይቅርታ ዘገየሁ፣ ሁለት ማታ ሞከርኩት። ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ብቻ `lost` 17 ሆነ። `por` 1። ማለትም 17 ጊዜ ማንም ሳይነካው ራሱ ዜሮ ላይ ገብቷል። አንዴ እዛው ፊቴ ሲሆን አየሁት፣ ሪሌዩ ቀጭ ሲል ስክሪኑ ጸድቶ እንደገና የመጀመሪያው ጽሑፍ መጣ። እስከዛሬ ስክሪኑ ነው ችግሩ ብዬ ገመዱን ስነካካ ነበር።

ሄለን_ፊርምዌር
በጣም ጥሩ ማስረጃ ነው። አሁን ፊውዙን ቀይር፦

```
avrdude -c usbasp -p m328p -U efuse:w:0xFC:m
```

ይሄ 4.3 ቮልት ነው፣ እንደ ቺፑ ከ4.1 እስከ 4.5 ሊሆን ይችላል፣ ዝቅተኛውም ቢሆን ከ3.78 በላይ ነው። ኡኖ ላይ ያለው 0xFD 2.7 ነው፣ በ16 ሜጋኸርዝ ከ2.7 እስከ 3.78 ያለው ሜዳ ባዶ ይቀራል፣ አንተ ደግሞ የምትወድቀው ልክ እዛ ሜዳ ላይ ነው። አሮጌ avrdude ከሆነ መልሶ ሲያነብ 0x04 ሊል ይችላል፣ አትደንግጥ ያው ነው።

አንድ ነገር አትርሳ፣ ቺፑ ሪሴት ላይ ሲሆን እግሮቹ ሁሉ ይለቀቃሉ። የሪሌዩ ትራንዚስተር ቤዝ አየር ላይ ከተንጠለጠለ ሂተሩ በርቶ ሊቀር ይችላል። ከቤዙ መስመር ወደ ግራውንድ 10 ኪሎ ኦም አድርግ። ለናቲ ቃል የገባሁት ሶፍትዌር ደግሞ ይሄ ነው፦ ዲግሪው ሲነበብ ከ36 እስከ 39 መሃል ካልሆነ 37.5 ውሰድ፣ ሁለት ቦታ አስቀምጠውና አወዳድር፣ `write`ን በ`update` ቀይር፣ ካልተለወጠ እንዳይነካው።

ኪዳኔ_ፒሲቢ
ሄለን ባልሽው እስማማለሁ ግን 4.3 ላይ አልስማማም። ውስጥ ባለው 8 ሜጋኸርዝ ያስኪደው፣ በ8 ሜጋኸርዝ ቺፑ የሚፈልገው 2.4 ነው፣ 2.7ቱ ዲቴክተር መጥፎው ቢሆን 2.5 ነው፣ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ነው፣ ደግሞ በ142 ቮልት መሥራቱን ይቀጥላል። 4.3 ካደረገው እኮ ምጣድ ሰዓት ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሪሴት ላይ ነው የሚቆየው፣ እንቁላሉ ይቀዘቅዛል። አድራሻ ዜሮንም ይተዋት፣ ኤቪአር ላይ ቶሎ የምትበላሸው እሷ ናት፣ እኔ ሁሌ ከ10 ነው የምጀምረው።

ሄለን_ፊርምዌር
ስሌቱ ልክ ነው፣ ለብቻው ለቆመ ቺፕ እኔም የምመርጠው እሱን ነው። ግን ቺፑ ብቻውን አይደለም፣ ሴንሰሩ ከ3 ቮልት በታች አይሠራም፣ ቺፑ በ2.8 ቮልት በትክክል እያሰበ የተሳሳተ ዲግሪ ቢያነብ ምን ይጠቅመዋል? በ142 ቮልት ሂተሩም የሚሰጠው ከሙቀቱ 40 በመቶውን ብቻ ነው። አድራሻ ዜሮ ጉዳይ የድሮዎቹ ቺፖች ላይ ሲባል ሰምቻለሁ፣ እዚህ ግን የተበላሸው መጀመሪያ ስለሚጻፍ ይመስለኛል እንጂ ዜሮ ስለሆነ አይደለም።

ኪዳኔ_ፒሲቢ
የሴንሰሩን እቀበላለሁ። የአድራሻ ዜሮን ግን አልለቅም፣ በእጄ የደረሰ ነው፣ ፕሮግራሙ ዜሮ ላይ አንዴም ጽፎ የማያውቅበት ቦርድ ነበር።

ጫጩት_ቢሾፍቱ
አዲስ ነገር ይዤ መጣሁ። 0xFC አደረግኩት። `lost` ዜሮ! ማታውን ሙሉ ዜሮ። `bor` ግን 31፣ ኪዳኔ እንዳልከው ደግሞ ምጣድ ሰዓት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ነው ያመሸው፣ ሂተሩ ጠፍቶ፣ በር ዘግቼ ውስጡ 34 ድረስ ወረደ። ዲግሪው 37.5 እንዳለ ነው።

ሄለን_ፊርምዌር
ዲቴክተሩ ሥራውን ሠርቷል፣ የቀረው አቅርቦቱ ነው። ትራንስፎርመሩንና 7805ን አውጣው፣ ጀርባው ላይ 100-240V የሚል ደህና የስልክ ቻርጀር አድርግ። እሱ 142 ቮልት ላይም 5 ነው የሚሰጥህ። ገመዱን አሳጥረው፣ 4.6 ምናምን ከደረሰብህ 4.3ቱ ያለምክንያት መጮህ ይጀምራል።

ሜሪ_ቨርጂኒያ
ሄለንዬ ገመዱን ቀየርኩ፣ ካፓሲተሩንም አደረግኩ፣ መስመሯን አወጣኋት። 4 ቀን ሆነው አልደረቀም መልእክቱም የለም። አመሰግናለሁ።

ጫጩት_ቢሾፍቱ
ቻርጀሩን ካደረግኩ አንድ ሳምንት ሞላው። `por` 3፣ ሦስቱም መብራት ጭራሽ የሄደባቸው ናቸው፣ በማስታወሻ ይዣለሁ። `bor` 2። `lost` 0። ምጣድ ሰዓት ላይ ሙቀቱ እስከ 37.1 ይወርድና ይመለሳል፣ ከዛ በታች አይሄድም። ሁለቱ `bor` ከምን እንደመጡ አልገባኝም፣ ሶኬቱ ያኔ 200 በላይ ነበር፣ ፍሪጅ ሲነሳ ይሆን ወይስ ሪሌዩ ሲዘጋ? ዛሬ ጠዋት 24 እንቁላል አስገብቻለሁ፣ መጀመሪያ ትንሽ ልሞክር ብዬ።

ሄለን_ፊርምዌር
ሪሌዩን ነው የምጠረጥረው። ለቺፑ ብቻ ከ5 ቮልቱ በአንድ ሾትኪ ዳዮድ ለይተህ 470 ማይክሮፋራድ ስጠው፣ ሪሌዩ ከዳዮዱ በፊት ይቅር። ቺፑ 4.7 ላይ ይቀመጣል፣ 20 ሚሊአምፔር ቢጠጣ ወደ 4.3 ለመውረድ 9 ሚሊሰከንድ አለው፣ ኢኢፕሮም አንድ ባይት ጽፎ ለመጨረስ ይበቃል። ከዛ በኋላም `bor` ከጨመረ ቻርጀሩን ቀይረህ እንየው።

ጫጩት_ቢሾፍቱ
ሾትኪ ነገ እገዛለሁ። እንቁላሎቹ 18ኛው ቀን ሲደርሱ የቆጣሪዎቹን ቁጥር እዚሁ እለጥፋለሁ።